ጎንደር በ95 በመቶ እርጥበት የማይወብቀው፣ መተማ በ55 በመቶ የሚወብቀው ለምንድን ነው? ስለ ጤዛ ነጥብ

ጥያቄ፦ «የአይሱዙ ሹፌር ነኝ። ከጎንደር መተማ እመላለሳለሁ፤ አንዳንዴም በደባርቅ አድርጌ ሊማሊሞን እወርዳለሁ። ነሐሴ ላይ ጠዋት ጎንደር ስልኬ እርጥበቱ 95 በመቶ ነው ይለኛል፤ ግን ብርድ ብርድ ይለኛል እንጂ ወበቅ የሚባል ነገር የለም። መተማ ስደርስ 55 በመቶ ይላል፤ ሸሚዜ ግን ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ጉሙም ግራ አጋብቶኛል። 95 በመቶ ባለበት ጠዋት አንዳንዴ መንገዱ ጥርት ብሎ ይታያል፣ አንዳንዴ ከፊቴ ያለው መኪና ይጠፋኛል። ቁጥሩ ነው የሚዋሸው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?»

ምላሽ፦ ቁጥሩ አልዋሸም፤ የሚመልሰው ግን እርስዎ ያልጠየቁትን ጥያቄ ነው። ስልክዎ በመቶኛ የሚያሳየው በሙያው አንጻራዊ እርጥበት የሚባለውን ነው። እሱም አየሩ ውስጥ ያለው የውሃ ተን፣ በዚያ ሰዓት ሙቀት ሊኖር ከሚችለው ከፍተኛ መጠን ውስጥ ስንት እጅ እንደሆነ ይናገራል። ይህ ከፍተኛ መጠን ደግሞ ሙቀቱ ሲጨምር በፍጥነት ያድጋል። ሙቀቱ 14 ዲግሪ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ ቦታ ውስጥ ሊኖር የሚችለው ተን 12 ግራም ያህል ነው፤ 32 ዲግሪ ሲሆን ግን ወደ 34 ግራም ይደርሳል። እንግዲህ ጎንደር ላይ ያዩት 95 በመቶ የ12 ግራሙ 95 በመቶ ነው፤ 11 ግራም ተኩል ቢሆን ነው። የመተማው 55 በመቶ ደግሞ፣ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ነበር ብንል፣ የ34 ግራሙ 55 በመቶ ስለሆነ 18 ግራም ተኩል ገደማ ይሆናል። በመቶኛው ያነሰው አየር ከግማሽ በላይ ብልጫ ያለው ውሃ ተሸክሟል ማለት ነው።

ብዙ ሰው 100 በመቶ ሲባል አየሩ ሁሉ ውሃ የሆነ ይመስለዋል። በጎንደር ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በነሐሴ ጠዋት 100 በመቶ ቢሞላ እንኳ ከዚያ አንድ ኪሎ ውስጥ ተኑ 12 ግራም ነው። ሞላ የተባለው ልኩ ስለጠበበ ነው፤ ጽዋውና እንስራው ሁለቱም ሊሞሉ ይችላሉ፤ የያዙት ግን አንድ አይደለም።

የዚህ መለኪያ ትልቁ ጉድለት በአንድ ቀን ውስጥም ይታያል። ያው የነሐሴ ጠዋት 14 ዲግሪና 95 በመቶ ሆኖ ይነሣና ከሰዓት በኋላ 21 ዲግሪ ሲደርስ እርጥበቱ ወደ 61 በመቶ ይወርዳል። በመካከሉ ከአየሩ አንዲት ጠብታ አልወጣችም፤ ሙቀቱ ብቻ ነው የተለወጠው። ስለዚህ አንጻራዊ እርጥበት ጠዋት ከፍ፣ ከሰዓት ዝቅ ማለቱን አይቶ «አየሩ ደረቀ» የሚል ሰው፣ በአብዛኛው ቴርሞሜትሩን በተገላቢጦሽ እያነበበ ነው። ውሃን የሚያህል አገልግሎት ያለው ነገር ለመለካት እንዲህ ከሙቀት ጋር የሚዋዥቅ ቁጥር ለሕዝብ ዋና መረጃ ሆኖ መቅረቡ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

እርስዎ የሚፈልጉት ቁጥር ጤዛ ነጥብ ይባላል። አንድን አየር ውሃ ሳይጨምሩበትና ሳይቀንሱበት፣ ግፊቱንም ሳይለውጡ፣ ማቀዝቀዝ ብቻ ቢቀጥሉ፣ በውስጡ ያለው ተን ወደ ጠብታ መለወጥ የሚጀምርበት የሙቀት ደረጃ ነው። የሚለካው በዲግሪ ስለሆነ ከሙቀቱ ጋር ጎን ለጎን ማወዳደር ይቻላል፤ ከሙቀቱ በላይም አይሆንም፣ ቢበዛ እኩል ይሆናል። ቀን ከሌት ሙቀቱ ሲወጣና ሲወርድ እሱ በአብዛኛው ባለበት ይቆያል፤ የሚለወጠው ተን ሲጨመር ወይም ሲቀነስ፣ ለምሳሌ ዝናብ ሲዘንብ ወይም ሌላ ነፋስ ሌላ አየር ይዞ ሲመጣ ነው። የነሐሴው ጠዋት በ14 ዲግሪና በ95 በመቶ ሲሰላ ጤዛ ነጥቡ 13 ነው፤ ከሰዓት በኋላም በ21 ዲግሪና በ61 በመቶ ሲሰላ ያው 13 ነው። የመተማው 32 ዲግሪና 55 በመቶ ግን 22 ይሆናል። 95ንና 55ን ሲያነጻጽሩ ግራ የገባዎት ነገር 13ንና 22ን ሲያነጻጽሩ ወዲያው ይገለጣል።

ያለ ምንም መሣሪያ ይህን ማየት ከፈለጉ ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ይበቃዎታል። ጠርሙሱ 5 ዲግሪ ያህል ቀዝቃዛ ነው እንበል። በክረምት ጎንደር ላይ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ወዲያው ያልበዋል፤ ጤዛ ነጥቡ 13 በሆነ አየር ውስጥ 5 ዲግሪ የሆነ ነገር ሁሉ ውሃ ይሰበስባልና። ያንኑ ጠርሙስ በየካቲት ከሰዓት በኋላ ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ያስቀምጡት። ሙቀቱ 28 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 20 በመቶ ከሆነ ጤዛ ነጥቡ 3 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 5 ዲግሪ ያለው ጠርሙስ ከዚያ በላይ ስለሆነ ደርቆ ይቆያል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ውሃ ከውስጡ የወጣ የሚመስለው ሰው ዛሬም አለ፤ የመጣው ከአየሩ ነው።

ወደ ወበቁ እንምጣ። ሰውነትዎ ሲሞቀው ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው፤ የሚያቀዘቅዘው ግን ላቡ መውጣቱ ሳይሆን መትነኑ ነው። የላብ ትነት ፍጥነት የሚወሰነው በቆዳዎ ላይ ባለው የተን ግፊትና በአየሩ ባለው የተን ግፊት ልዩነት ነው። የሞቀው ሰው ቆዳ 35 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ላብ የሸፈነው ቆዳ ላይ ግፊቱ፣ ሄክቶፓስካል በሚባለው የግፊት መለኪያ፣ 56 ያህል ነው። ጤዛ ነጥቡ 13 በሆነ አየር ውስጥ ያለው ግፊት 15 ነው፤ ጤዛ ነጥቡ 22 በሆነው ደግሞ 26 ነው። ልዩነቱ በጎንደሩ አየር 41፣ በመተማው 30 ይሆናል። ላቡን ከቆዳዎ የሚወስደው ጉልበት ከሩብ በላይ ቀንሷል ማለት ነው። በዚያ ላይ መተማ ሙቀቱ ብዙ ላብ ያስወጣዎታል። የወጣው ብዙ፣ የሚተነው ጥቂት ሲሆን የተረፈው ሸሚዝዎ ላይ ይቀራል። ጎንደር ላይ በ14 ዲግሪ ላብ ራሱ አይወጣም፤ ጎንደር ሙቀቷ 28 ብትደርስ እንኳ ጤዛ ነጥቡ 13 እስከሆነ ድረስ ይሞቅዎታል እንጂ አይወብቅዎትም።

በልምድ ሲታይ ጤዛ ነጥቡ ከ15 በታች ሲሆን ሰው ስለ እርጥበት አያማርርም፤ ከ16 እስከ 19 ሲሆን የለመደው ሰው ዝም ይላል፣ ከደጋ የወረደው ይሰማዋል፤ 20ን ካለፈ ወበቅ ነው፤ 24 ሲደርስ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል። እነዚህ ድንበሮች የተፈጥሮ ሕግ አይደሉም፤ የመተማ ሰው በ20 የማይሰማው ነገር የደባርቅን ሰው ያስጨንቃል። ቁጥሩ ወደ 35 ሲጠጋ ግን ልምድ አይረዳም፤ የአየሩ የተን ግፊት ከቆዳው ጋር እኩል ስለሚሆን ላብ መትነን ያቆማል። በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን በ2003 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር ጤዛ ነጥቡ 35 ዲግሪ ደርሶ ተመዝግቧል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ጤዛ ነጥብ የወበቅ መለኪያ እንጂ የሐሩር መለኪያ አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ መተማ ሙቀቱ ወደ 40 ሲጠጋ ጤዛ ነጥቡ 8 ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ላብዎ ወጥቶ ሳያዩት ስለሚተን ሸሚዝዎ ደረቅ ነው፤ ሰውነትዎ ግን ውሃ እያጣ ነው። ሹፌር በዚህ ወቅት የሚታለለው «አላላበኝም» ብሎ ውሃ ሳይጠጣ ስለሚነዳ ነው። ዝቅተኛ ጤዛ ነጥብ ካዩ ወበቅ የለም ብለው ይደምድሙ፤ አደጋ የለም ብለው ግን አይደምድሙ።

ስለ ጉሙ ያነሡት ጥያቄ ከወበቁ ይልቅ ጥልቅ ነው፤ እርስዎ በሚነዱባቸው መንገዶች ላይ ሁለት ዓይነት ጉም አለና። ሁለቱንም ጤዛ ነጥብ ይተነብያቸዋል፤ አነባበቡ ግን ይለያያል።

የመጀመሪያው ከአዘዞ አልፈው ወደ አይከል በሚወስደው መንገድ ረባዳ ቦታዎች ላይ ጎህ ሲቀድ የሚያገኙት ነው። ይህ የሚወለደው ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት፣ ነፋሱም ጸጥ ባለበት ሌሊት፣ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ሲቀዘቅዝ ነው። መስከረም ማለቂያ ላይ ያለ አንድ ምሽት እንውሰድ። ከሰዓት በኋላ ዘንቦ አባርቷል፣ መሬቱ ርሷል፣ ደመናውም ተገፏል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ሙቀቱ 20፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 65 በመቶ ነው። በመቶኛውን ብቻ ያየ ሰው 65ን አይቶ ነገ ጉም አይኖርም ይላል። ጤዛ ነጥቡ ግን 13 ነው፤ ለሌሊቱ የተተነበየው ዝቅተኛ ሙቀት ደግሞ 12። ሙቀቱ ሊወርድ የታሰበበት ቦታ ከጤዛ ነጥቡ በታች ስለሆነ በመንገዱ ላይ ውሃ መውጣቱ የማይቀር ነው። ሌሊት ሙቀቱ 13 ሲደርስ ተኑ ጠብታ መሆን ይጀምራል፤ ተን ወደ ውሃ ሲለወጥ ደግሞ ሙቀት ስለሚለቅ ቅዝቃዜው ይዘገያል። ጤዛ ነጥብ የሌሊቱን ወለል ያህል የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አየሩ ከዚያ በታች ለመውረድ ይቸገራል።

አሁን በተመሳሳይ ወቅት ሌላ ምሽት ይውሰዱ። ጤዛ ነጥቡ ያው 13 ነው፤ ሰማዩ ግን ደመናማ ሆኖ አደረ፣ ደመናውም የመሬቱን ሙቀት ስለያዘው ዝቅተኛው ሙቀት 14 ላይ ቆመ። ጠዋት ስልክዎ 95 በመቶ ያህል ይላል፤ መንገዱ ግን ጥርት ያለ ነው። ጉም ባለበት ጠዋትስ ስልኩ ለምን ያንኑ 95 ይላል? በዚህ የመቶኛ ጫፍ ላይ ከ95 እስከ 100 ያለው ርቀት በሙቀት ሲለካ ከ1 ዲግሪ ያነሰ ነው። ስልኩ የሚሰጥዎት ለከተማው አካባቢ የተሰላ አማካይ ግምት ሲሆን፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ተንሸራቶ የሚተኛበት ረባዳ ቦታ ከከተማው በአንድና ሁለት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ከተማው 14 ሲሆን ረባዳው 13 ወይም 12 ነው፤ ከተማው ላይ 95 የሚለው ቁጥር እዚያ 100 ሆኗል፣ ጉሙም ተኝቷል። በመቶኛ ሲታይ የማይለየው ነገር «ሙቀት 14፣ ጤዛ ነጥብ 13» ተብሎ ሲቀርብ የ1 ዲግሪ ክፍተት ብቻ እንደቀረ በግልጽ ያሳያል። የአውሮፕላን ማረፊያዎች በየጊዜው የሚያወጡት METAR የሚባለው የአየር ሁኔታ መልእክት አንጻራዊ እርጥበትን ጭራሽ የማይጽፈው፣ በምትኩ `14/13` ብሎ ሙቀትንና ጤዛ ነጥብን ብቻ የሚያስቀምጠው በከንቱ አይደለም። አብራሪው ማወቅ የሚፈልገው ክፍተቱን ነው። ክፍተቱ 2 ዲግሪ ሲደርስ ማሰብ ይጀምራል።

ይህ ማለት ግን ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር የግድ ጉም ይኖራል ማለት አይደለም። ነፋስ ከበረታ የላዩንና የታቹን አየር ስለሚያደባልቅ ቅዝቃዜው አንድ ቦታ አይጠራቀምም። ጭራሽ ነፋስ ከሌለ ደግሞ ተኑ ሣሩ ላይና ቆርቆሮው ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል፤ አየሩ ውስጥ ጉም የሚሠራበት ውሃ ያንሰዋል። ጉም የሚወደው ቅጠል የማያንቀሳቅስ ለስላሳ ነፋስ ነው።

ጤዛን በተመለከተ ቋንቋችን ራሱ ትንሽ አሳስቶናል። «ጤዛ ጣለ» ስንል ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ዊልያም ቻርለስ ዌልስ የተባለ ሐኪም ግኝቱን በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመበት ጽሑፍ ያሳየው፣ ሣሩ መጀመሪያ ከአየሩ በታች እንደሚቀዘቅዝ፣ ጤዛውም በዚያ ቅዝቃዜ ምክንያት እዚያው ሣሩ ላይ እንደሚፈጠር ነው። ይህ ለእርስዎም ጥቅም አለው። ቴርሞሜትር የሚለካው ከመሬት ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ያለውን አየር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሣሩና የመኪናዎ ጣሪያ ከዚያ በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ሊቀዘቅዙ ይችላሉ። በታኅሣሥ ምሽት ሙቀቱ 22፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 35 በመቶ ቢሆን ጤዛ ነጥቡ 6 ይሆናል። ሌሊት አየሩ 10 ላይ ቢቆም ጉም አይታሰብም፤ ሣሩ ግን 6 ሊደርስ ስለሚችል ጠዋት እግርዎ ሊርስ ይችላል። ጉምን ከአየሩ ሙቀት፣ ጤዛን ከሚቀዘቅዘው ዕቃ ሙቀት ጋር ያወዳድሩ።

ሁለተኛው ጉም የሊማሊሞው ነው፤ ባሕርዩም ሌላ ነው። እሱ ሌሊት መሬት ሲቀዘቅዝ የሚወለድ አይደለም፤ ከታች ከቆላው የተነሣ አየር ገደሉን ተከትሎ ወደ ላይ ሲገፋ ይወለዳል። ወደ ላይ የሚወጣ አየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ይሰፋል፤ ሲሰፋም በየ1000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ጤዛ ነጥቡም ይወርዳል፤ ግን በየ1000 ሜትሩ 2 ዲግሪ ብቻ። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በየ1000 ሜትሩ በ8 ዲግሪ ይጠባል፤ በሌላ አነጋገር አንዱን ዲግሪ ለመዝጋት 125 ሜትር መውጣት ይበቃል።

ከሊማሊሞ ግርጌ በ1400 ሜትር ከፍታ ላይ ቆመው ሙቀቱ 26፣ ጤዛ ነጥቡ 16 ነው እንበል። ክፍተቱ 10 ነው፤ በ125 ሲባዛ 1250 ሜትር ይሆናል። በ1400 ላይ ሲደመር 2650 ሜትር ላይ አየሩ ይሞላል። ደባርቅ ከዚያ ከፍ ብላ ወደ 2850 ሜትር ላይ የምትገኝ ስለሆነች፣ ከታች ሆኖ ሲታይ ደመና የሆነው ነገር መንገዱ የላይኛው ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ ለእርስዎ ጉም ነው። ክፍተቱ 14 የሆነ ቀን ደግሞ 1750 ሜትር ይሆናል፤ ደመናው 3150 ላይ ስለሚጀምር መንገዱ ክፍት ነው። ከታች ያለው አንጻራዊ እርጥበት በመጀመሪያው ቀን 54፣ በሁለተኛው 42 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ማን ነው የገደሉን ጉም የሚያነብ? ስሌቱ አየሩ ከታች ተነሥቶ በቀጥታ እንደወጣ ስለሚገምት በመቶና በሁለት መቶ ሜትር ሊስት ይችላል፤ ስለዚህ ውጤቱ ከመንገዱ ከፍታ ጋር ሲቀራረብ ጉም አለ ብለው ይዘጋጁ።

በሁለቱ ጉሞች መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ለሹፌር ከሁሉ ይበልጣል። የረባዳው ጉም ፀሐይ መሬቱን ማሞቅ ስትጀምር ይቀልጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አያልፍም። የገደሉን ጉም ግን ፀሐይ አታባርረውም፤ እንዲያውም ቆላው ሲሞቅ ወደ ላይ የሚገፋው አየር ስለሚበረታ ጠዋት ጥርት ብሎ የነበረው ሊማሊሞ ከሰዓት በኋላ ሊዋጥ ይችላል። ስለዚህ ለአንዱ ማርፈድ መድኃኒት ሲሆን ለሌላው ማርፈድ ራሱ ችግሩ ነው።

ጋቢናው ውስጥ መስታወቱ የሚደበዝዘውም በዚሁ ሕግ ነው። ሁለት ሦስት ሰው ተቀምጦ ሲተነፍስ፣ ልብሱም ርሶ ከሆነ፣ የጋቢናው ጤዛ ነጥብ 16 ወይም 17 ሊደርስ ይችላል፤ ውጭው 10 ዲግሪ ሲሆን መስታወቱ ከጋቢናው ጤዛ ነጥብ በታች ይቀዘቅዝና ከውስጥ ጠብታ ይይዛል። በጨርቅ መጥረግ ለአፍታ ነው። መስኮቱን ትንሽ ከፍተው ጤዛ ነጥቡ ዝቅ ያለውን የውጭ አየር ያስገቡ፣ ወይም ማሞቂያውን መስታወቱ ላይ ያዙሩት። ተሳፋሪው ብርድ ነው ብሎ ቢያጉረመርምም መስኮቱ ይከፈት።

ጤዛ ነጥቡን ከየት እንደሚያገኙ ልንገርዎ። አብዛኛው የስልክ አየር ሁኔታ መተግበሪያ ወደ ታች ሲወርዱ Dew point በሚል ስም ያሳየዋል። ካላሳየ በእጅ መገመት ይቻላል፤ ከ100 ላይ አንጻራዊ እርጥበቱን ቀንሰው ለ5 ያካፍሉ፣ ያገኙትንም ከሙቀቱ ላይ ይቀንሱ። 14 ዲግሪና 95 በመቶ 13 ይሰጥዎታል፤ ትክክል ነው። 32 ዲግሪና 55 በመቶ 23 ይሰጣል፤ በአንድ ዲግሪ ቢስትም ይሠራል። በበጋ ግን ይህን ዘዴ አይንኩት። ያ የየካቲቱ 28 ዲግሪና 20 በመቶ በዚህ ሲሰላ 12 ይወጣል፤ እውነተኛው 3 ነው። ዘዴው እርጥበቱ ከ50 በመቶ በታች ሲወርድ ይበላሻል።

የስልኩ ቁጥርም ቢሆን ልክ አለው። መለኪያ ተተክሎ የተለካ ሳይሆን በሒሳብ የተገመተ ነው፤ ግምቱም ሰፊ አካባቢን በአንድ ቁጥር ስለሚወክል ደባርቅንና ከሥሯ ያለውን ቆላ ሊያቀላቅላቸው ይችላል። ከገበያ የሚገዛው ትንሹ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ከዚህ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በእርጥበት ላይ 5 በመቶ ያህል ሊስት ይችላል። በክረምት ይህ ስሕተት ከጤዛ ነጥቡ ላይ 1 ዲግሪ እንኳ አያዛባም፤ በየካቲት ግን 3 መሆን የሚገባውን ከዜሮ በታች 1 ወይም 6 ሊያደርገው ይችላል። ደግነቱ ጉም የሚያሰጋው በክረምትና በመስከረም ስለሆነ መሣሪያው የሚያስፈልግዎት ጊዜ ጥሩ በሚሠራበት ጊዜ ነው። ከሞተሩና ከፀሐይ አርቀው፣ ከጋቢናው ውጭ በጥላ ውስጥ አሥር ደቂቃ አቆይተው ያንብቡት።

ምክሬ ይህ ነው። በመቶኛውን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ወደ መተማ ሊነሡ ሲሉ ዋዜማውን ምሽት 12 ሰዓት ላይ ጤዛ ነጥቡን አንብበው ለሌሊቱ ከተተነበየው ዝቅተኛ ሙቀት ጋር ያወዳድሩ። ዝቅተኛው ሙቀት ከጤዛ ነጥቡ እኩል ወይም በታች ከሆነ፣ ወይም ከ2 ዲግሪ ባልበለጠ ቢበልጠው፣ ሰማዩም ከጠራና ነፋሱም ከሌለ፣ ጎህ ሳይቀድ አይነሡ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ይውጡ። ሊማሊሞን የሚወርዱ ከሆነ ተቃራኒውን ያድርጉ፤ በጠዋት ይለፉት። ከታች ወደ ላይ የሚወጡ ከሆነ ግን ግርጌው ላይ ቆመው ሙቀቱንና ጤዛ ነጥቡን ያንብቡ፣ ክፍተቱን በ125 ያባዙ፣ ከቆሙበት ከፍታ ጋር ይደምሩ። ድምሩ ከ2900 ሜትር በታች ከወጣ የላይኛው ጠመዝማዛ ጉም ውስጥ ነው ብለው ይቁጠሩ፤ መሄድ ግድ ከሆነ በአጭር መብራት ይሂዱ፣ ረጅሙ መብራት ጠብታዎቹ ላይ አርፎ ወደ ራስዎ ዓይን ይመለሳልና።